ከረጅም የስክሪን ሰዓት በኋላ የሚመጣ ብዥታና ራስ ምታት፦ የዓይን ድካም ነው ወይስ ሌላ?

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ውለው ወይም ስልክ ላይ አምሽተው ዓይናቸው ብዥ የሚልባቸውና ግንባራቸውን የሚያማቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «ጨረሩ ነው» ብለው ይደመድማሉ። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ከዚህ ግምት ይነሳል፤ ጨረር ይከላከላል የተባለ መነጽር ይገዛል፣ ማስታገሻ ይዋጣል፣ ሕመሙ ግን በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሳል። ይህ መመሪያ ከመፍትሔው በፊት መለየትን ያስቀድማል፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ የሚመስሉ ቅሬታዎች ከዓይን ድካም፣ ከመነጽር ችግር፣ ከማይግሬን፣ ከቡና መቅረት፣ አልፎ አልፎም ከአደገኛ ሕመም ሊመጡ ይችላሉ፤ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይሠራም።

ከስክሪን የሚወጣው ብርሃን ደጅ ካለው የቀን ብርሃን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። ዓይንን የሚያደክመው ብርሃኑ ሳይሆን ዓይን በዚያ ሁሉ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ቅርብ ያለውን ነገር ማጥራት ነው፤ ለዚህም በዓይን ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ ተኮማትራ ሌንሱ እንዲወፍር ታደርጋለች፣ ሁለቱም ዓይኖች በጥቂቱ ወደ አፍንጫ ይዞራሉ፤ ሩቅ እስኪታይ ድረስም ይህ ጥረት አይቋረጥም። ሁለተኛው ከእንባ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያተኩር ግን ይህ ቁጥር በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል፤ የቀረውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የላይኛው ቆብ ከታችኛው ጋር ሳይገናኝ ይመለሳል። በዚህ የተነሳ ብርሃንን አጥርቶ የሚያሳልፈው የእንባ ሽፋን ይሰነጣጠቃል፣ እይታ ይደበዝዛል፣ ዓይንም አሸዋ እንደገባበት ይቆጠቁጣል።

የዓይን ድካም መለያ ጠባዩ ከዚህ ይመነጫል። ሥራው ከተጀመረ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል እንጂ ከእንቅልፍ ሲነሱ አይጠብቅም፤ ሁለቱንም ዓይኖች በአንድነት ይነካል፤ ዓይን ሲያርፍ ይቀላል፤ ሙሉ እረፍት በተወሰደበት ቀን ደግሞ አይታይም ማለት ይቻላል። ከዚህ ጠባይ የወጣ ብዥታ ወይም ራስ ምታት ሌላ ምክንያት እንዳለው ተቆጥሮ መፈለግ አለበት።

ደረጃ 1፦ ቀጠሮ የማይሰጡ ምልክቶችን አስቀድሞ መለየት

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ያለበት ሰው የሚቀጥሉትን ደረጃዎች ትቶ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ።

አንድ ዓይን በድንገት በኃይል ካመመ፣ ከቀላ፣ ብዥ ካለና በመብራት ዙሪያ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ክብ ከታየ፣ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫው ተዘግቶ የዓይን ግፊት ድንገት የሚጨምርበት የግላኮማ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም ማቅለሽለሽና ማስመለስ ስላለው ብዙ ጊዜ የጨጓራ ወይም የማይግሬን ሕመም ይመስላል፤ ሳይታከም የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ግን ወደማይመለስ የእይታ ጉዳት ያቀርባል። በዓይን ጥግ ብልጭታ መታየት፣ እንደ ጥቀርሻ የሚንሳፈፉ ነጠብጣቦች በድንገት መብዛት ወይም ከአንድ ወገን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ሬቲና የሚባለው ብርሃን ተቀባይ የዓይን ውስጥ ሽፋን የመቀደዱ ወይም የመላቀቁ ምልክት ሊሆን ይችላል። የአንድ ዓይን እይታ ጠፍቶ ከደቂቃዎች በኋላ ቢመለስም እንኳ ችላ አይባልም።

ከራስ ምታቱ ወገን፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጫፍ የሚደርስ ከዚህ በፊት ያልታየ ኃይለኛ ሕመም፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለበት ሕመም፣ እንዲሁም ከእጅ ወይም ከእግር መዛል፣ ከአፍ መጣመም ወይም ከንግግር መተሳሰር ጋር የመጣ ራስ ምታት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወስዳል። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው አዲስ ራስ ምታት ጀምሮት ፀጉሩን ሲያበጥር የራስ ቅሉ ቆዳ የሚያመው፣ ሲያኝክም መንጋጋው የሚዝልበት ከሆነ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላልና ዓይኑን ሳያጣ መታየት አለበት።

በወጣትነት ዕድሜ በቀላሉ የሚታለፍ አንድ ምልክት ደግሞ አለ። ራስ ምታቱ ጠዋት ሲነሱ ወይም ጋደም ሲሉ የሚብስ፣ ሲያስሉና ሲያጎነብሱ የሚጨምር፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ እይታ ለጥቂት ሴኮንዶች ጨለም ብሎ የሚመለስ፣ በጆሮም ከልብ ምት ጋር የሚሄድ የሹሹታ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ይህ በተለይ ክብደታቸው በጨመረ ወጣት ሴቶች ላይ ይታያል፤ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ወይም ለብጉር የሚሰጡ ከቫይታሚን ኤ ጋር የሚዛመዱ እንክብሎችን በመውሰድ ላይ ባሉ ሰዎችም ይከሰታል። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይጠየቅ መናገር አለበት።

ደረጃ 2፦ የሰባት ቀን መዝገብ መያዝ

ከላይ ያሉት ምልክቶች ከሌሉ ሰባት ተከታታይ ቀን ይመዝግቡ። ሰባት የሚሆነው የሥራ ቀን፣ የዕረፍት ቀንና የጾም ቀን ሁሉ እንዲካተት ነው። በማንኛውም ደብተር ላይ በየቀኑ የሚጻፉት ጥቂት ናቸው፤ ስክሪን የተጀመረበትና የቆመበት ሰዓት፣ ብዥታው የጀመረበት ሰዓት፣ ራስ ምታቱ የጀመረበት ሰዓትና ቦታው፣ እንዲሁም ምን ሲደረግ እንደለቀቀ። ከእነዚህ ጎን የመጀመሪያው ቡና የተጠጣበትና ምግብ የተበላበት ሰዓት፣ የተኙበት ሰዓትና የተዋጠ ማስታገሻ ካለ ይመዘገባል።

ብዥታውንና ራስ ምታቱን ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያስታውሳቸው፣ ሐኪም ሲጠይቅ «አብረው ይመጣሉ» ይላል፤ ደብተሩ ሲገለጥ ግን ራስ ምታቱ ከረፋዱ ጀምሮ፣ ብዥታው ከሰዓት በኋላ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ልዩነት ብቻውን ምርመራውን ወደ ሌላ መንገድ ይመራዋል።

ደረጃ 3፦ ብዥታው ባለበት ሰዓት አራት ቀላል ፈተናዎችን መሥራት

ፈተናዎቹ የሚሠሩት ብዥታው በመጣ ጊዜ እንጂ ጠዋት ዓይን ትኩስ ሳለ አይደለም። መነጽር ያለው ሰው መነጽሩን አድርጎ ይሥራቸው።

የመጀመሪያው የማርገብገብ ፈተና ነው። የደበዘዘውን ጽሑፍ እያዩ ዓይንዎን ሙሉ በሙሉ ጨፍነው ይክፈቱ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ጽሑፉ ለጥቂት ሴኮንዶች ጠርቶ ከዚያ እንደገና ከደበዘዘ ችግሩ የእንባ ሽፋን መድረቅ ነው። ማርገብገቡ ምንም ካልለወጠ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ሁለተኛው የርቀት ፈተና ነው። ስልኩን ከተለመደው ቦታ ቀስ እያሉ ክንድዎ እስኪዘረጋ ድረስ ያርቁት። ሲርቅ የሚጠራ ከሆነና ዕድሜዎ ወደ 40 ከተጠጋ ወይም ካለፈ፣ ሌንሱ በዕድሜ እየጠነከረ ቅርብን ማጥራት ያቃተው ጊዜ መጥቷል። በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ይህ ከታየ ዓይን በተፈጥሮው ቅርብን ለማጥራት የሚያግዝ የፕላስ መነጽር የሚያስፈልገው ሆኖ፣ ጡንቻው ለዓመታት ሲያካክሰው ኖሮ አሁን መድከሙን ሊያመለክት ይችላል። ከዚህ የተለየው ደግሞ ከስክሪን ቀና ሲሉ ሩቁ ለጥቂት ጊዜ ደብዝዞ ከዚያ የሚጠራበት ነው፤ ይህ ጡንቻው ከተኮማተረበት ቶሎ አለመላላቱን ይናገራል።

ሦስተኛው አንድ ዓይንን የመሸፈን ፈተና ነው። ግራውን በመዳፍዎ ሸፍነው በቀኙ ይዩ፣ ከዚያ ይቀይሩ፤ ዓይኑን መጫን አያስፈልግም። በሁለቱ መካከል ግልጽ ልዩነት ካለ፣ በተለይም በአንዱ ቀይ ቀለም የደበዘዘ መስሎ ከታየ ወይም ዓይን ሲያንቀሳቅሱ ሕመም ካለ፣ የስክሪን ድካም ብሎ ማለፍ ስህተት ነውና የዓይን ሐኪም በቶሎ ይየው። ሁለት ሆኖ ይታይ የነበረው ፊደል የትኛውም ዓይን ሲሸፈን አንድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ዓይኖች አብረው መግጠም አቅቷቸዋል ማለት ነው። ይህ ከረጅም ንባብ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ በመደበኛ ምርመራ ይታያል፤ በድንገት ጀምሮ አልሄድ ካለ ግን በዚያው ቀን መታየት አለበት።

አራተኛው የቀዳዳ ፈተና ነው። ወፍራም ካርቶን በመርፌ ወይም በእስክሪብቶ ጫፍ ይብሱና 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ንጹሕ ቀዳዳ ያውጡ። በጥሩ ብርሃን ቦታ አንዱን ዓይን ሸፍነው በቀዳዳው በኩል የደበዘዘውን ጽሑፍ ያንብቡ። በቀዳዳው የሚጠራ ብዥታ ብርሃን በዓይን ውስጥ በትክክል አለመሰብሰቡን ስለሚያሳይ በአብዛኛው በመነጽር ይስተካከላል። በቀዳዳውም የማይጠራ ብዥታ ምንጩ ከዚያ ወደ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ሬቲናን፣ የዓይን ነርቭን ወይም የሌንስን መጋረድ የሚመለከት ምርመራ ይፈልጋል። ይህ ፈተና ርካሽ ቢሆንም የዓይን ክፍሎች ዛሬም በየቀኑ የሚጠቀሙበት ነው።

ደረጃ 4፦ ስክሪን የሚከሰስባቸውን ሌሎች ምክንያቶች ከመዝገቡ ማውጣት

በሀገራችን ግንባር ላይ የሚሰማ ራስ ምታት ወዲያው «ሳይነስ» ይባላል። የሳይነስ ብግነት ወፍራምና ቀለም ያለው የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍንጫ መታፈንና ብዙ ጊዜም ትኩሳት አለው። ያለ እነዚህ በወር ደጋግሞ የሚመጣ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ፣ ከሰዓታት እስከ ሦስት ቀን የሚቆይና ማቅለሽለሽ ያለው ሕመም በአብዛኛው ማይግሬን ነው። ማይግሬን ያለበት ሰው ብርሃን ሲበዛበት ስለሚብሰው ጥፋቱን ስክሪን ላይ መጣሉ አያስገርምም። ከራስ ምታቱ በፊት የሚያብረቀርቅ ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር ታይቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጠፋ ከሆነም ያው ማይግሬን ነው፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሐኪም ያረጋግጠው። ከማጅራት ተነስቶ ጭንቅላትን እንደ መቀነት የሚጨምቅ ሕመም ደግሞ ከአንገትና ከትከሻ አቀማመጥ ጋር ይያያዛል፤ እይታን አያደበዝዝም።

ቡና የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት ሊጀምረው ይችላል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የጠጣ ሰው ዛሬ እስከ 9 ሰዓት ከጾመ፣ ሕመሙ የሚነሳው ልክ ሥራ ላይ ኮምፒውተር ፊት በተቀመጠበት ሰዓት ይሆናል። በረመዳንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተመሳሳይ ነገር ይታያል። መለያው ቀላል ነው፤ ብዥታ የለውም፣ ቡና ከተጠጣ በኋላም ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ገደማ ይለቃል።

ክረምት ላይ በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል በሚነድበት ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ ስልክ ይዞ የሚያመሽ ሰው ራሱን ካመመው፣ አብረውት ያሉትን «እናንተንስ?» ብሎ ይጠይቅ። የሌሎችም ራስ ካመመ፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ካለ፣ ደጅ ሲወጣም ከቀለለ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ ማለት ነው። ሁሉም ወዲያው ወጥተው ቤቱ መናፈስ አለበት፤ የፈዘዘ ወይም ያስመለሰው ሰው ካለ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ማስታገሻው ራሱም ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው ከመድኃኒቱ የሚመነጭ የዘወትር ራስ ምታት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የተለያዩ መድኃኒቶች የተቀላቀሉበት እንክብል ከሆነ 10 ቀን በቂ ነው። በመዝገቡ ላይ ማስታገሻ እንዲጻፍ ያልኩት ለዚህ ነው። በቀናት ውስጥ የሚለዋወጥ ብዥታ ከውኃ ጥምና ከሽንት መብዛት ጋር ከመጣ ደግሞ ከመነጽር በፊት የደም ስኳር ይለካ፤ ስኳሩ ከፍ ባለበት ጊዜ የተለካ መነጽር ስኳሩ ሲስተካከል አይሆንም።

አንድ ምሳሌ ከመዝገብ እስከ ውሳኔ

አንዲት የ42 ዓመት የሂሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ላፕቶፕ ላይ ትሠራለች፣ ማታ ከልጆቿ ጋር ስልክ ታያለች፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። የሰኞ መዝገቧ እንዲህ ይላል፦ «9፡30 ቁጥሮቹ ተደራረቡብኝ፣ 3ና 8 መለየት አቃተኝ፤ 10 ሰዓት ግንባሬ ከበደ፤ ታክሲ ውስጥ በመስኮት እያየሁ ስሄድ 12 ሰዓት ገደማ ለቀቀኝ።» የረቡዕ ደግሞ፦ «5 ሰዓት ላይ ሙሉ ጭንቅላቴን ያመኝ ጀመር፣ ብዥታ የለም፤ 9 ሰዓት በልቼ ቡና ጠጣሁ፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ተወኝ፤ 10፡30 ብዥታው መጣ።» ዓርብ እንደ ረቡዕ ሆነ። ቅዳሜ ላፕቶፕ አልነካችም፣ ማታ ግን ስልክ ላይ አንድ ሰዓት እንደቆየች ብዥ አለባት። እሑድ ምንም የለም።

ፈተናዎቹን የሠራችው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ ስታርገበግብ ጽሑፉ በከፊል ጠርቶ ቶሎ ተመለሰ፤ ስልኩን ክንዷን ዘርግታ ስትይዘው በደንብ ጠራ፤ ሁለቱ ዓይኖች አልተለያዩም፤ በቀዳዳው ሁሉም ፊደል ጥርት አለ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ራስ ምታቶች እንዳሉባት ግልጽ ነው። የከሰዓት በኋላው ከዕድሜ ጋር ከመጣ የቅርብ እይታ መድከምና በጥቂቱ ከዓይን መድረቅ የሚነሳ ሲሆን፣ የረፋዱ ከቡናና ከምግብ መዘግየት የመጣ ነው። መነጽር የመጀመሪያውን ይፈታል፤ ሁለተኛውን ግን ምንም ዓይነት መነጽር አይነካውም። ለእርሱ የሚሻለው በማይጾምበት ቀን የሚጠጣውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከሦስት ስኒ ወደ አንድ ማውረድ ነው፤ ሰውነት የለመደው መጠን ሲያንስ የሚቀርበት ቀንም ቀላል ይሆናል።

ይህን ሁሉ ሳትለይ መነጽር ብቻ ብትገዛ ኖሮ ረቡዕ ላይ «መነጽሩ አልሠራልኝም» ብላ ትጥለው ነበር።

ደረጃ 5፦ የሥራ ቦታውን አስተካክሎ ሁለት ሳምንት መሞከር

ከርቀት ይጀምሩ። የኮምፒውተር ስክሪን ከዓይን ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ክንድ ሲዘረጋ የጣቶች ጫፍ በሚደርሱበት ገደማ ይሁን። ለስልክ ደግሞ ጡጫዎን አገጭዎ ላይ ያድርጉ፤ ስልኩ ክርንዎ ካለበት አይቅረብ። ይህን ርቀት የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ትንሽነት ነው። የግዕዝ ፊደል በትንሽ መጠን ሲጻፍ ለ፣ ሊ እና ላን የሚለያዩት ጥቃቅን ጭረቶች ይጠፋሉ፤ ስለዚህ አማርኛ የሚያነብ ሰው ሳያውቀው ስልኩን ያስጠጋዋል። መፍትሔው ፊደሉን ማሳደግ ነው፤ በአንድሮይድ ስልክ በ`Settings > Display` ውስጥ፣ በዊንዶውስ 11 በ`Settings > Accessibility > Text size` ይገኛል። መጠኑ የሚበቃው ከተለመደው መቀመጫ ሦስት እጥፍ ርቀው ቆመው ጽሑፉን ለይተው ማንበብ ከቻሉ ነው።

ከፍታን በተመለከተ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ ይሁን። ላፕቶፕን በመጽሐፍ ደርድሮ ከፍ ማድረግ ለአንገት ቢጠቅምም፣ ከልክ በላይ ሲያልፍ ዓይን በሰፊው ይከፈታልና ቶሎ ይደርቃል፤ በማርገብገብ ፈተና ድርቀት የተገኘበት ሰው ጥቂት ዝቅ ብሎ ማየቱ ይሻለዋል። ብርሃኑን ለማስተካከል ስክሪኑን ያጥፉትና ጥቁሩን ገጽ ይመልከቱ፤ መስኮት ወይም አምፖል እንደ መስታወት ከታየበት ጠረጴዛው ይዙር፣ መስኮቱም በጎን ይሁን። ከዚያ ስክሪኑን አብርተው ነጭ ወረቀት አጠገቡ ያድርጉ፤ ስክሪኑ ከወረቀቱ ይበልጥ ካበራ ይቀንሱት፣ ወረቀቱ ካበራ ይጨምሩት።

እረፍቱ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ ቢያንስ 6 ሜትር የራቀ ነገር ማየት ነው። ርቀቱ እውነተኛ መሆን አለበት፤ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ መዞር እረፍት አይደለም፣ ይልቁንም ጡንቻዋን የበለጠ ያኮማትራታል። በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከመቀመጫ መነሳት ይገባል። በእያንዳንዱ እረፍት ዓይንን በእርጋታ ጨፍኖ ሁለት ሴኮንድ ቆይቶ መክፈትን አሥር ጊዜ መደጋገም የእንባውን ሽፋን ይመልሳል። ድርቀቱ ከቀጠለ ሰው ሠራሽ እንባ ጠብታ ይረዳል፤ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚጠቀም ሰው ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይምረጥ። ማታ ላይ በሙቅ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማኖር በቆቡ ጠርዝ ያሉትን የቅባት ዕጢዎች ይከፍታል።

ሁለት ነገሮች ላይ ገንዘብ አያባክኑ። ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የሚባለው መነጽር እ.ኤ.አ. በ2023 የሕክምና ጥናቶችን በሚገመግመው ኮክሬን በተባለ ድርጅት በተጠናቀረ የጥናቶች ግምገማ ከተራ መስታወት ይልቅ የዓይን ድካምን እንደሚቀንስ አልታየም። ሁለተኛው ዓይን ሲቀላ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚወሰድ፣ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒዞሎን ያለበት ጠብታ ነው። ይህኛው ከማባከንም አልፎ ይጎዳል፤ ቅላቱንና ቁጥቆጣውን ቶሎ ስለሚያጠፋ ይወደዳል፣ ለሳምንታት ሲወሰድ ግን ያለ ምንም ስሜት የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ነርቩን ሊያጠፋና የሌንስ መጋረድን ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 6፦ የዓይን ምርመራውን በትክክል ማስደረግ

ብዥታው በቀዳዳ የጠራ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልተሻለው ወይም ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ምርመራ ያስፈልገዋል። መነጽር የሚለካው በእንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት በዲግሪ የሠለጠነ ኦፕቶሜትሪስት ሲሆን፣ ሕመም ሲጠረጠር የዓይን ሐኪም ያያል።

ከመሄድዎ በፊት ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑና እስከ ስልኩ ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ ቁጥሩን ለባለሙያው ይንገሩት። የንባብ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ለ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሠራ 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ላፕቶፕ በእርሱ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሰውም አንገቱን አስግጎ መጠጋት ይጀምራል። መንገድ ላይ የሚሸጠው የፕላስ መነጽር ሁለቱም ሌንሶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሁለቱ ዓይኖች ልክ ለተለያየ ወይም አስቲግማቲዝም የሚባለው የዓይን ገጽ ጉብጠት ወጥ ያለመሆን ላለበት ሰው ራስ ምታቱን ሊያብሰው ይችላል። ለጊዜው ጋዜጣ ለማንበብ ግን ዓይን አያጠፋም።

በወጣቶች ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ የመነጽር ቤቶች አገጭ የሚያስደግፈው ማሽን ያወጣውን ቁጥር ሳይፈትኑ በቀጥታ ወደ መነጽር ይቀይሩታል። የወጣት ዓይን ግን ማሽኑ ውስጥ ሲመለከት ጡንቻውን ሊያኮማትር ስለሚችል፣ ማሽኑ ሩቅን የሚያጠራውን የማይነስ ቁጥር ከእውነቱ አብልጦ ያነብባል። በዚህ ልክ የተሠራ መነጽር ሩቁን ደማቅና ጥርት ያደርገዋል፣ ቅርቡን ግን ይበልጥ ያደክማል፤ ራስ ምታት ይዞት የሄደ ሰው ራስ ምታቱን አባብሶ ይመለሳል። ስለዚህ ማሽኑ ካነበበ በኋላ ሌንስ እየተቀያየረ በፊደል ሰሌዳ መፈተኑን ያረጋግጡ፤ ከ30 ዓመት በታች ሆነው ቅሬታዎ ከቅርብ ሥራ ጋር ከሆነም ጡንቻውን ለጊዜው የሚያላላ ጠብታ ተደርጎ ይለካ እንደሆነ ይጠይቁ። ጠብታው ብሌንን አስፍቶ ቅርቡን ለአንድ ቀን ገደማ ስለሚያደበዝዝ በዚያ ቀን መኪና አይነዳም፣ የኮምፒውተር ሥራም አይያዝም።

የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታች ማንበብ ብቻውን ዓይኑ መነጽር አይፈልግም ማለት እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ሰሌዳው 6 ሜትር ላይ ለደቂቃዎች የሚታይ ነው፤ የፕላስ መነጽር የሚያስፈልገው ወጣት ጡንቻውን አስገድዶ ያነብበዋል፤ የሚያቅተው ያንኑ ጥረት 8 ሰዓት ሙሉ መቀጠል ነው። ቅሬታው በቅርብ ከሆነ ፈተናውም በቅርብ መደረግ አለበት።

አዲስ መነጽር ሲደረግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወለሉ የተንጋደደ ሊመስል፣ ቀላል ራስ ምታትም ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ካልጠፋ ወደተሠራበት ተመልሶ የሌንሱ ልክ ከማዘዣው፣ የሌንሶቹም መሃል ከብሌኖቹ ጋር መግጠሙን ማስለካት ያስፈልጋል። መነጽሩ ትክክል ሆኖ ብዥታው ጠፍቶ ራስ ምታቱ ብቻ ከቀረ፣ መዝገቡን ይዞ ወደ ውስጥ ደዌ ወይም ወደ ነርቭ ሐኪም መሄድ እንጂ ሌላ መነጽር መሞከር አይጠቅምም።